አንድ ወር ሙሉ፣ ሁለት ወር ግማሽ፣ ሦስት ወር ባዶ

ጀጎል ውስጥ የድሮ የሐረሪ ቤት ታድሶ የእንግዳ ማረፊያ በሆነበት ግቢ በጽዳት የምትሠራ ጎረቤት አለችኝ። የወር ደመወዟ 6,000 ብር ነው። አንድ ቀን ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ የተሳፈረችበት ባጃጅ ሸዋ በር አካባቢ ተገለበጠና ቅልጥሟ ተሰበረ። ሐኪሙ በእግሯ ቆማ ለመሥራት ከሦስት ወር በላይ እንደሚያስፈልጋት ነገራት። እሷ ከስብራቱ ይልቅ የጠየቀችኝ ስለ ደመወዟ ነበር፤ መልሱ ብዙ ሰው የማያውቀው ስለሆነ እዚህ ልጻፈው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። ክፍያው ግን እየቆየ ይወርዳል። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ ነው፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ደግሞ ያለ ክፍያ። በእሷ ሲሰላ 6,000፣ ከዚያ 3,000 እና 3,000፣ ከዚያ ምንም። ስድስቱን ወር ሙሉ ብትተኛ 36,000 ብር ታገኝ የነበረችው 12,000 ብቻ ይደርሳታል።

ልብ በሉ፣ ይህ አደረጃጀት ለጉንፋንና ለወባ በቂ ነው። የሚጎዳው ሕመሙ የከበደበትን ሰው ነው፤ የሕክምናው፣ የመድኃኒቱና የመመላለሻው ወጪ እየተጠራቀመ ሲሄድ ገቢው ይቆማል። የቤት ኪራዩም ሆነ ዕቁቡ ግማሽ ደመወዝ ስለመጣ በግማሽ አይቀንስም። አፎቻ ሰው ሲሞትና ሰርግ ሲኖር ይደርሳል፤ የጤና መድን ያለውም ሰው ቢሆን የሚሸፈንለት ሕክምናው እንጂ የቀረበት ደመወዝ አይደለም። ስለዚህ በሁለተኛው ወር መጨረሻ ላይ ብዙ ሰው ሳይድን ወደ ሥራ ይመለሳል። ያልጠና አጥንት ይዞ የጀጎልን የድንጋይ ደረጃና ቁልቁለት መውጣትና መውረድ ምን እንደሚያመጣ መገመት አያቅትም።

የእሷን ጉዳይ ይበልጥ የሚያሳዝነው ሌላ ነው። ጉዳቱ የሥራ ላይ ጉዳት ቢባል ኖሮ ሕጉ የሚያስከፍለው በሌላ መጠን ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ፣ ቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ። በስድስት ወር ቢያንስ 31,500 ብር ማለት ነው። ወደ ሥራ ሲሄዱ የሚደርስ አደጋ በዚህ የሚታቀፈው ግን ድርጅቱ ለሠራተኞቹ ባዘጋጀው ወይም በተከራየው መኪና ሲሆን ነው። ሰርቪስ ያለው ትልቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ይጠበቃል፤ በራሷ ገንዘብ በባጃጅ የምትሄደው የጽዳት ሠራተኛ ወደ ሕመም ፈቃዱ ትወርዳለች። ይህ ልዩነት ፍትሐዊ አይመስለኝም። ሁለቱም የወጡት ለሥራ ነው።

ያለውን መብት እንኳ የሚያሳጣ ስህተት አለ። ሕጉ የሚቀበለው መንግሥት ካወቀው የሕክምና ተቋም የተሰጠ ማስረጃ ነው። አጥንት ሲሰበር ወጌሻ ዘንድ መሄድ የተለመደ ነው፤ ወጌሻው ቢያድንም የሚሰጠው ወረቀት የለም፣ ወረቀት ከሌለ ደግሞ ቀኑ እንደ መቅረት ይቆጠራል። ስለዚህ መጀመሪያ ሆስፒታል ታይቶ ማስረጃ መያዝ ያስፈልጋል። ሐኪሙ የ15 ቀን እረፍት ከጻፈ ቀኑ ሳያልቅ ተመልሶ ማሳደስ ነው፤ በሁለት ወረቀቶች መካከል የሚቀር ክፍተት ለክርክር በር ይከፍታል። አሠሪው አስቀድሞ ካላወቀና ማሳወቅ የማይቻል ካልሆነ በስተቀር በቀሩ ማግሥት መናገርም ግዴታ ነው።

አቆጣጠሩም ያሳስታል። ወሩ ለእያንዳንዱ በሽታ እንደ አዲስ አይጀምርም፤ ሕመሙ ከጀመረበት የመጀመሪያ ቀን አንስቶ ባለው 12 ወር ውስጥ የተወሰዱት ቀናት ሁሉ ይደመራሉ። ጥቅምት ላይ 20 ቀን የታመመ ሰው የካቲት ላይ ቢሰበር በሙሉ ደመወዝ የቀረው ጊዜ 10 ቀን ገደማ ብቻ ነው።

በ1996 የወጣው አዋጅ ቁጥር 377ም ክፍያውን ያስቀመጠው በዚሁ ልክ ነበር። በ2011 ሕጉ ሲሻሻል የወሊድ ፈቃድ ከ90 ወደ 120 ቀን አደገ፤ የሕመም ክፍያው ግን እንዳለ ቀረ። አሠሪው ብቻውን ከኪሱ እንዲከፍል ስለተደረገ ረጅም ሕመም ለትንሽ ድርጅት እንደሚከብድ ይገባኛል። መፍትሔው ግን ሸክሙን በሙሉ ለታመመው ሰው መተው አይደለም፤ እንደ ጡረታው ሁለቱም ወገን በየወሩ የሚያዋጡበት የሕመም ፈንድ ያስፈልጋል።

እስከዚያው ድረስ በእጅ ያለው መንገድ የኅብረት ስምምነት ነው፤ ሕጉ ያስቀመጠው ዝቅተኛውን ስለሆነ ተደራድሮ ከዚያ በላይ ማስጻፍ ይቻላል። የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም 10 ሠራተኛ ያስፈልጋል፣ እሷ በምትሠራበት ማረፊያ ግን ያሉት አምስት ናቸው። ሕጉ ከ10 በታች ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች ሠራተኞች ተሰባስበው አንድ ማኅበር እንዲመሠርቱ ይፈቅዳል። ግድግዳው ውስጥ በእንግዳ ማረፊያዎቹና በምግብ ቤቶቹ የምትሠሩ፣ ተሰባሰቡና በመጀመሪያው ድርድር ሁለተኛውና ሦስተኛው ወር ሙሉ እንዲከፈል ጠይቁ።