ከአየር ጤና የተመለሱ ጫማዎች

ኮልፌ ቀራንዮ፣ አየር ጤና፣ ሐምሌ።

የአንድ አነስተኛ ጫማ ማምረቻ ባለቤት፣ ነጋዴዎች የመለሱለትን ጫማ በማዳበሪያ ጆንያ ሰብስቦ ጠበቀኝ። ከግንቦት ወዲህ የሚመለሰው በዝቷል፤ አብዛኛው ደግሞ ሶሉ የተላቀቀ ነው። ሠራተኞቹ ማስቲሹን ስለሚወቅሱ ባለቤቱ ሊቀይረው አስቧል።

ከመቀየሩ በፊት ጫማዎቹን አንድ በአንድ ገልጠን አየን። ማስቲሹ ሶሉ ላይ እንዳለ ቀርቷል፤ ቆዳው ግን ንጹሕ ነው፤ ያብረቀርቃል። ሶሉ ንጹሕ ሆኖ ማስቲሹ ቆዳው ላይ ቢቀር ኖሮ ጥርጣሬያችን ወደ ሶሉ ይዞር ነበር። እዚህ ያልተያዘው ቆዳው ነው።

ካርቶን ጀርባ ላይ ጃፓናዊው ካኦሩ ኢሺካዋ ያስለመደውን የዓሣ አጥንት ሣልን። ጭንቅላቱ ላይ «ሶል ይላቀቃል» ተጻፈ፤ አጥንቶቹ ሰው፣ መሣሪያ፣ ጥሬ ዕቃ፣ አሠራር፣ መለኪያና አካባቢ ሆኑ። ሁሉም የመሰለውን ጻፈ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ግምት አንድ ጥያቄ አቀረብኩ፦ ይህ ከግንቦት በፊት አልነበረም ወይ? ሠራተኛው በጥንድ እየተከፈለው መቸኮሉ የቆየ ነው፤ ጭማሪውን ብቻውን አያስረዳም። የክረምቱ ብርድም በርክክብ ደብተሩ ወደቀ፤ የተመለሱት ጫማዎች የተሠሩት ዝናቡ ሳይገባ ነው።

ያን ጊዜ አንድ ወጣት ሠራተኛ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ቆዳ እኮ ከድሮው ይወፍራል፤ ቀለሙም ቶሎ አይለቅም» አለ። ለማጣራት የድሮውንና የአዲሱን ቆዳ ቁራጭ በዚያው ማስቲሽ ለጥፈን አሳደርን። በማግስቱ ስንስብ በተለመደው መጠን የተፈገፈገው አዲሱ ቆዳ በቀላሉ ተላቀቀ። ጭረቱ እስኪታይ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት የተፈገፈገው ግን ቆዳው ራሱ ተቀደደ እንጂ አልለቀቀም። የድሮውማ ትንሽ ቢፈገፈግም ይበቃው ነበር።

አምስቱን «ለምን» የጀመርነው ከዚህ በኋላ ነው። ሶሉ ለምን ተላቀቀ? ማስቲሹ ቆዳውን አልያዘም። ለምን? የቀለሙ ሽፋን አልተነሣም። ለምን? መፈግፈጉ እንደ ቀድሞው ነው፤ ሽፋኑ ግን ወፍሯል። ለምን? ቆዳው ከሌላ ነጋዴ ተገዛ። ለምን ማንም አላወቀም? ቆዳ ሲገባ በውፍረቱና በቀለሙ ይታያል እንጂ ተለጥፎ አይሞከርም። በሁለተኛው ላይ ብንቆም ኖሮ ጥፋቱ ፈግፋጊው ላይ ይወድቅና ቀጣዩ ቆዳ ያንኑ ችግር ይዞ ይመጣ ነበር። መልሱን ከታች ወደ ላይ «ስለዚህ» እያልን አነበብነው፤ አልተሰበረም።

አዲስ ቆዳ ሲገባ ቁራጩ ተለጥፎ አድሮ ሳይሳብ ወደ ሥራ እንዳይሄድ ባለቤቱና ሠራተኞቹ ተስማሙ። ባለቤቱ ተመላሹ በሚቀጥለው ወር ይቀንሳል ብሎ ሲጠብቅ፣ ቀድመው የተሸጡት ገና ይመለሳሉ አልኩት። ስለዚህ ተመላሹን በመጣበት ሳይሆን በተሠራበት ወር ይቁጠር። ደብተሩ ላይ አንድ ዓምድ አሰመርንለት።