ቆዳው ንጹህ፣ ጎኑ ግን የሚቃጠል

አልማዝ ባለጭራን አብዛኞቻችን የምናውቀው በሽፍታው ነው፤ ከጀርባ ተነስቶ በአንድ ጎን ዞሮ ወደ ሆድ ወይም ወደ ደረት የሚመጣ፣ የቀላ፣ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ። ሕመሙ ግን ብዙውን ጊዜ ሽፍታውን ይቀድመዋል። አብዛኞቹ ታማሚዎች ቆዳቸው ላይ አንዳች ነገር ከመታየቱ ከአንድ እስከ አምስት ቀን አስቀድሞ፣ አንዳንዶቹም ከዚያ በላይ፣ በዚያው ጎን ላይ እንደ መቀነት የተጠመጠመ ማቃጠል፣ መውጋት ወይም ማሳከክ ይሰማቸዋል። በመስታወት ቢያዩት ቆዳው ደህና ነው፤ ሸሚዝ ሲነካው ግን ያንገበግባል። በእነዚህ ቀናት በሽታውን ለይቶ አለማወቅ ብዙም የሚያስወቅስ አይመስለኝም፤ ሽፍታ በሌለበት ጥሩ ሐኪምም ቢሆን ከመጠርጠር አያልፍም። የሚጎዳን ሌላ ነገር ነው። ለሕመሙ ቸኩለን ስም እናወጣለን፣ በስሙ መሠረት ቆዳውን እናሻለን፣ እንቀባለን፣ እንተኩሳለን፤ ከዚያ ሽፍታው ሲወጣ የራሳችን ሥራ ውጤት ይመስለንና ሕክምናው በደንብ የሚሠራበትን ጊዜ እናሳልፋለን።

ሕመሙ ለምን እንደሚቀድምና ለምን በአንድ ጎን ብቻ እንደሚሆን ካወቅን የተቀረው ይቀላል። በልጅነት ጉድፍ የሚያወጣብን ቫይረስ ጉድፉ ሲድን ከሰውነታችን አይወጣም፤ አከርካሪያችን ግራና ቀኝ ባሉት የነርቭ ጉብታዎች ውስጥ ተደብቆ ለአሥርት ዓመታት ይኖራል። ዕድሜ ሲገፋ፣ ወይም በበሽታ አሊያም በመድኃኒት ምክንያት የሰውነት መከላከያ ሲዳከም፣ ከእነዚህ ጉብታዎች በአንዱ ውስጥ ይነቃል። ያኔ መጀመሪያ የሚቆጣው ነርቩ ስለሆነ ሰውየው ያመዋል። ቫይረሱ በነርቩ ተጉዞ ቆዳው ጋ ለመድረስ ግን ቀናት ይፈጅበታል፤ ሽፍታው የዘገየው ለዚህ ነው። እያንዳንዱ ጉብታ የሚያገለግለው የአንድን ጎን አንድ ቀበሌ ብቻ በመሆኑ ሕመሙ ከአከርካሪው ተነስቶ ደረቱ ወይም ሆዱ መሃል ላይ ይቆማል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሄድና አውስትራሊያዊው አልፍሬድ ካምቤል በ1900 በታተመው ጥናታቸው የዚህ በሽታ ሕመምተኞች ከሞቱ በኋላ ጉብታዎቻቸውን መርምረው ጉዳቱ የት እንዳለ አሳይተዋል፤ ሽፍታው ያረፈበትን ቦታ እየተከተሉም የትኛው ነርቭ የትኛውን የቆዳ ክፍል እንደሚያገለግል ካርታ ሠርተዋል። ሸረሪት ወይም ሌላ ነፍሳት ሄዶብኝ ነው የሚለው የተለመደ ማብራሪያ የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። ነፍሳት የሰውነትን መሃል መስመር አያከብርም፤ ቆዳውን ሳይነካም ከሦስት ቀን በፊት ጀምሮ አያቃጥልም።

ሽፍታ ሳይኖር ለመጠርጠር የሚረዱ ጥቂት ምልክቶች አሉ። ጥጥ ወይም ለስላሳ ጨርቅ ወስዶ ጤነኛውን ጎን በቀስታ ማስነካት፣ ከዚያ የሚያመውን ጎን በዚያው ከፍታ ማስነካት ነው። በአልማዝ ባለጭራ ብዙ ጊዜ ይህ ቀላል ንክኪ በአንዱ ጎን እንደ ቃጠሎ ይሰማል፤ ወይም ቦታው የደነዘዘ ይሆናል። መሃል መስመሩን ሲያልፉ ስሜቱ ይለወጣል። የጡንቻ ሕመም ሲታጠፉ፣ ሲነሱ ወይም በጣት ጠለቅ አድርገው ሲጫኑት ይብሳል፤ የጨጓራ ሕመም ከምግብ ጋር ይያያዛል፤ የኩላሊት ጠጠር መጥቶ የሚሄድ፣ ሰውን መቀመጫ የሚያሳጣና ወደ ብሽሽት የሚወርድ ነው። የነርቩ ሕመም ግን ላይ ላዩን ነው፤ ከመብላትም ከመተንፈስም ጋር ብዙ ጉዳይ የለውም፤ የሚብሰው ልብስ ሲነካውና ሌሊት ነው። ይህ ሁሉ የሚያሳየው ዝንባሌን እንጂ ማረጋገጫን አይደለም። በተለይ የደረት ሕመም ከሆነ፣ የሚጫን፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ላብ ወይም የትንፋሽ ማጠር ያለበት ከሆነ፣ የጥጡን ሙከራ ትቶ ወዲያው ሆስፒታል ሄዶ ልብን መመርመር ይገባል። «ታዲያ የልብ ምርመራ ተደርጎ ምንም ካልተገኘ ገንዘብና ጊዜ አልባከነም?» ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው፤ አልባከነም። ልብ ያመመው ሰው አልማዝ ባለጭራ ነው ብሎ ቤቱ ቢተኛ ይሞታል፤ አልማዝ ባለጭራ የያዘው ሰው ልቡን ቢመረመር የሚያጣው ጥቂት ሰዓት ነው።

አሁን ነገሩ እንዴት እንደሚበላሽ በምሳሌ ልውሰደው። የ58 ዓመት ሴት እናስብ። ቅዳሜ ማታ ከቀኝ ትከሻዋ አጥንት ሥር እስከ ጡቷ ሥር ማቃጠል ይጀምራታል። እሑድ ቤተሰቡ «ብርድ ነው የመታሽ» ይላል፤ ልጇ ጀርባዋን በቪክስ አሽታ በፈላ ውሃ የተነከረ ፎጣ ታደርግባታለች። ሰኞ ከፋርማሲ ማስታገሻ ይገዛላታል። ማክሰኞ ጠዋት ከአከርካሪዋ በስተቀኝ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቦታ ይቀላል፤ እሷ ጀርባዋን ማየት አትችልም፣ ልጇም ብታየው «ፎጣው ነው ያቃጠለሽ» ትላለች። ረቡዕ ቦታው ውሃ ሲቋጥር ያ ግምት እርግጠኝነት ይሆናል፤ የቃጠሎ ቅባት ይገዛል። ዓርብ ጡቷ ሥር፣ ፎጣ ያልነካው ቦታ ላይ፣ አዲስ ሽፍታ ይወጣል፤ ቅዳሜ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። የቫይረሱ መድኃኒት በተሻለ የሚሠራው ሽፍታው ከታየ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ሰዓቱ የተቆጠረው ሕመሙ ከጀመረበት ከቅዳሜ ሳይሆን ቆዳው ከቀላበት ከማክሰኞ ጠዋት ስለሆነ እስከ ዓርብ ጠዋት ድረስ ጊዜ ነበራት። እሑድ የተሰጣት «ብርድ» የሚለው ስም ብቻውን ምንም አላጎደለባትም፤ ጊዜዋን የበላው ፎጣው ለሽፍታው ያዘጋጀለት ምክንያት ነው። (በነገራችን ላይ ስሜቱ የተዛባ ቆዳ ሙቀትን በትክክል ስለማይለካ ፎጣው በእውነትም ሊያቃጥላት ይችል ነበር።) ሁለቱን መለየት ግን ይቻል ነበር፤ ቃጠሎ የፎጣውን ቅርጽ ይይዛል፣ ከሦስት ቀን በኋላም አዲስ ቦታ ላይ አይወጣም። አልማዝ ባለጭራ በዘለላ በዘለላ ለቀናት እየጨመረ በመስመሩ ወደ ፊት ይሄዳል። ዘግይታ ብትሄድም አዲስ ሽፍታ እየወጣባት ስለሆነ ሐኪሙ መድኃኒቱን ሊጀምርላት ይችላል።

«እንግዲያው ከጠረጠርን ለምን ቅዳሜውኑ መድኃኒቱን አንጀምርም?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ከሁሉም ተቃውሞ ክብደት ያለው ይህ ነው። ችግሩ ሽፍታ በሌለበት ምርመራውም የለም፤ ናሙና የሚወሰደው ከሽፍታው ውሃ ነው፤ የደም ምርመራውም አብዛኛው ሰው በልጅነቱ ቫይረሱን ስላገኘው ብዙ አይነግረንም። በአንድ ጎን የሚያቃጥለው ሁሉ መድኃኒቱን ቢወስድ አብዛኛው ለሌላ በሽታ ይወስደዋል፤ የሐሞት ከረጢቱ ወይም ሳንባው የታመመውም መድኃኒት ጀምሬያለሁ ብሎ ይዘናጋል። ስለዚህ በእነዚህ ቀናት የሚሻለው አደገኞቹን በሽታዎች አስወግዶ፣ ቆዳው ላይ ምንም ሳይቀቡና ሳያሞቁ፣ ጠዋትና ማታ በጥሩ ብርሃን ሌላ ሰው ጀርባን እንዲያይ ማድረግ ነው። በስልክ ፎቶ ማንሳት ሰዓቱንም ይመዘግባል። ሽፍታው ሲወጣ በአፍ የሚወሰደው አሳይክሎቪር ለአዋቂ 800 ሚሊግራም በቀን አምስት ጊዜ ለሰባት ቀን ነው፤ ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው መጠኑ ይቀነስለታል። ፋርማሲ ውስጥ ያለው ፍሬ 200 ሚሊግራም ከሆነ በአንድ ጊዜ አራት ፍሬ ማለት ነው፤ ለከንፈር ቁስል እንደሚሰጠው አንድ አንድ ፍሬ መውሰድ አይበቃም። የአሳይክሎቪር ቅባት ደግሞ ለዚህ በሽታ አይረባም፤ ችግሩ ያለው ቅባቱ በማይደርስበት ነርቭ ውስጥ ነው።

ሌላው መከራከሪያ «በራሱ ይድናል፤ የባህል ሐኪም ቅጠል አድርጎልኝ ድኛለሁ» የሚለው ነው። ግማሹ እውነት ነው። ሽፍታው በአብዛኛው ሰው ላይ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ደርቆ ይወድቃል፤ የሚድነውም ቅጠል ቢደረግበትም ባይደረግበትም ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት የተደረገው ነገር ሁሉ ምስጋናውን ይወስዳል። ነርቩ ግን ሁልጊዜ ከቆዳው ጋር አይድንም። አንዳንዱ ሰው፣ በተለይ አረጋዊ ከሆነ፣ ሽፍታው ጠፍቶ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ያመዋል። እዚህ ላይ ለመድኃኒቱም ያለአግባብ ጠበቃ መሆን አልፈልግም። በጊዜ ሲጀመር የሽፍታውን ዕድሜና የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሕመም ማሳጠሩ የታወቀ ነው፤ የረጅም ጊዜውን ሕመም ይከላከላል የሚለው ማስረጃ ግን ደካማ ነው። ለእኔ የመጀመሪያው ጥቅም ብቻውን ይበቃል፤ ሌሊት ነጠላ እንኳ ደርቦ መተኛት ለማይችል ሰው ጥቂት ቀናት ቀላል ነገር አይደሉም።

ሰውን ከሐኪም የሚያስቀረው ግን ቅጠሉ ብቻ አይደለም፤ ሐሜቱም ነው። አልማዝ ባለጭራ ከኤችአይቪ ጋር ስሙ ስለተያያዘ ብዙዎች ሽፍታውን በልብስ ሸፍነው ይቀመጣሉ። ግንኙነቱ እውነት ነው፤ ኤችአይቪ የሰውነት መከላከያን ሲያዳክም ይህ ቫይረስ ይነቃል፤ በወጣት ላይ ሲታይም ምርመራ ማድረግ ተገቢ ነው። ያም ሆኖ ዋናው መንስኤ ዕድሜ ነው። በአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ግምት በዚያች አገር ከሦስት ሰዎች አንዱ በሕይወት ዘመኑ ይይዘዋል፤ ያን ሁሉ ሕዝብ ኤችአይቪ አልያዘውም። ጎረቤት ምን ይለኛል ብሎ ከ72ቱ ሰዓት ላይ ሁለት ቀን መቀነስ ለማንም አይጠቅምም።

ማቃጠሉ የጀመረው ግንባር ላይ ወይም ዓይን አካባቢ ከሆነ፣ በተለይ ሽፍታው አፍንጫ ጫፍ ላይ ከታየ፣ ዓይን ሊጎዳ ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። ውጭ አገር ለምትኖሩ ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሺንግሪክስ የሚባለው ክትባት በአሜሪካ ከ2017 ጀምሮ ተፈቅዷል፤ ዕድሜያቸው 50 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች ከሁለት እስከ ስድስት ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ ይሰጣል። የጀመረውን በሽታ አያክምም፤ አስቀድሞ ነው የሚሰጠው። አብረዋችሁ ያሉ ወላጆቻችሁ 50 ካለፉ፣ በሚቀጥለው ቀጠሯቸው ሐኪሙን ስለ ክትባቱ ጠይቁላቸው።