የጤፍ ዋጋና የደንበኛ ፊት

ነጋዴ ዋጋ ሲጨምር ብርን ብቻ የሚቈጥር ይመስለዋል፤ ደንበኛው ግን ዕቃውንም ሻጩንም አብሮ ይመዝናል። እኛ ባልና ሚስት ይህን የተማርነው ከምጣድ አጠገብ ነው።

የመንግሥት ደመወዛችን ለቤት ኪራይና ለልጆች ትምህርት ስላልበቃን፥ እንጀራ እየጋገርን ለሠላሳ ቤቶች ማድረስ ጀመርን። ከአንድ ኩንታል ጤፍ 400 ያህል እንጀራ ይወጣልናል። ኩንታሉ 10,000 ብር በነበረ ጊዜ በአንዱ እንጀራ ላይ የሚያርፈው የጤፍ ዋጋ 25 ብር ነበር። ለወፍጮ፥ ለመብራትና ለማድረሻ 5 ብር፥ ለድካማችንም 3 ብር ጨምረን በ33 ብር እንሸጥ ነበር።

በክረምት ኩንታሉ 12,000 ብር ገባ። በቤታችን ያለው ጤፍ በቀድሞው ዋጋ የተገዛ ስለሆነ፥ በእርሱ ላይ መጨመር ነውር መስሎን ዝም አልን። ጤፉ ሲያልቅ ግን ከሽያጩ የተመለሰው 10,000 ብር ሌላ ኩንታል የማይገዛ ሆነ። ትርፋችንን 1,200 ብር ብንጨምርበትም አልሞላ ብሎ 800 ብር ተበደርን። የመሸጫ ዋጋ የሚሰላው በተገዛው ጤፍ ሳይሆን ነገ በሚገዛው መሆኑን ያን ጊዜ አወቅን።

ከጭንቀታችን የተነሣ ዋጋውን ሳንነካ ሩዝ ቀላቀልንበት። እንጀራው በማግሥቱ እየደረቀ ይሰነጣጠቅ ጀመር። የተቈጣን ሰው አልነበረም፤ ዳሩ ግን በሳምንት 20 እንጀራ ይወስድ የነበረው ቤት 12 ይበቃናል አለ። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት ደንበኛችን ባለቤታችንን ጠርተው፥ «ልጄ፥ ዋጋው መጨመሩን ብትነግሪኝ አቅሜን አይቼ እወስናለሁ፤ እንጀራው ሲለወጥብኝ ግን ምን ላድርግ?» አሏት።

በዚያች ሌሊት ሒሳቡን እንደገና ሠራነው። ጤፍ ከመቶ 20 ስለጨመረ እንጀራውንም ከመቶ 20 እንጨምር ብንል፥ ጭማሪው 6 ብር ከ60 ሳንቲም ይሆናል። ነገር ግን ወፍጮውና መብራቱ አልጨመሩም። የጨመረው 2,000 ብር ለ400 ሲካፈል 5 ብር ብቻ ነው። ስለዚህ ሩዙን ትተን ዋጋውን 38 ብር አደረግን፤ የእኛን 3 ብር ግን አልነካናትም።

ጭማሪው ከመጀመሩ ሁለት ሳምንት አስቀድመን ሒሳቡን ለየቤቱ ተናገርን። ለሦስት ወርም ዋጋው እንደማይለወጥ ቃል ገባን። የወሩን ገንዘብ አስቀድመው የከፈሉት ደንበኞች ጤፉን ሳይወደድ እንድንገዛ ስላስቻሉን፥ ቃላችንን ለመጠበቅ የረዱን እነርሱው ናቸው።

ሦስት ቤቶች ተለዩን፤ አልፈረድንባቸውም፥ የእነርሱም ደመወዝ እንደ እኛው ነውና። አሮጊቲቱ ግን 38 ብሩን ከፍለው እንጀራውን በጣታቸው ዳሰስ አደረጉና፥ «አሁን የእናንተ ሆነ» አሉን።