እኩል የተቆረጠ ኮሌታ እኩል አይተኛም

ጥር ሲገባ የልብስ ሰፊ እንቅልፍ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአንድ ሰፈር የሱቅ በረንዳ ላይ በእግር የምትረገጥ የስፌት መኪና ዘርግቶ የሚሠራ አንድ ሰው አምስት ነጭ ሸሚዝ ታዘዘ። አንዱ ለሙሽራው፣ አራቱ ለሚዜዎቹ ነው። ሰውየው ለዓመታት የኖረው ሱሪ በማሳጠር፣ ዚፕ በመቀየርና የተማሪ ዩኒፎርም በመስፋት ነበር። ሰርጉ አሥር ቀን ቀርቶታል፤ ቀብዱን ተቀብሎ ጨርቁን ገዝቶበታል።

የመጀመሪያውን ሸሚዝ ጨርሶ ሙሽራውን አስለካው። ትከሻው ልክ ነው፣ እጅጌውም ልክ ነው። ሙሽራው መስታወት ፊት ቆሞ ዝም አለ። አብራው የመጣችው እህቱ ግን አልቻለችም።

«ወንድሜ፣ አትቀየመኝ፤ ሌላው ሁሉ ቆንጆ ነው። አንገቱ ግን የሀገር ውስጥ ስፌት መሆኑን ከሩቅ ይናገራል» አለችው። «ካልተስተካከለ የተሰፋ እንገዛለን፤ ቀብዱንም ትመልሳለህ።»

እውነቷን ነበር። የኮሌታው ሁለት ጫፎች ደረት ላይ ተኝተው መቅረት ሲገባቸው ወደ ላይ ተቀልብሰዋል። ጫፎቹ ሹል ሳይሆኑ እንደ አውራ ጣት ድቡልቡል ናቸው። ግራው ከቀኙ ረዘም ይላል። ሙሽራው አንገቱን ጎንበስ ሲያደርግ ደግሞ ኮሌታው ከሸሚዙ ጋር የተያያዘበት ስፌት ከኋላ ብቅ ይላል።

እንዲህ ሲሆን ሰፊ ሁሉ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ «መኪናዋ አርጅታለች»፣ «ጨርቁ ነው»፣ «ካውያው አይግልም»። ይኼኛውም ያን ቀን ያለው ይህንኑ ነው። ማታ ግን አንድ ነገር አደረገ። ራሱ ከሰልባጅ ገዝቶ የሚለብሰውን፣ ስንት ጊዜ ታጥቦ ኮሌታው ዛሬም ቀጥ ብሎ የሚተኛ ሸሚዝ አውጥቶ ኮሌታውን በምላጭ ፈታው።

የሸሚዝ ኮሌታ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ወደ ውጭ የሚታጠፈውና ሹል ጫፍ ያለው ኮሌታው ራሱ ነው። ሁለተኛው አንገትን የሚዞረው፣ የላይኛው ቁልፍ የሚቆለፍበት ቀጭን መቆሚያ ነው። ሁለቱም ድርብ ስለሆኑ በጠቅላላው አራት ቁራጭ ጨርቅ ይሆናሉ፤ መሃላቸው በካውያ የሚጣበቅ ማጠንከሪያ ይገባል። ሰውየው አራቱን ቁራጮች ተኩሶ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋ። የኮሌታውን ላይኛ ቁራጭ በታችኛው ላይ ሲደርበው አልገጠሙም። የሚታየው የላይኛው ከተደበቀው የታችኛው በሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል። በልብስነት የተለጠጠ መስሎት ሌላ ሸሚዝ ፈታ። እሱም ያው ነው።

እሱ ግን ሁልጊዜ ጨርቁን ሁለት አድርጎ አጥፎ፣ ሁለቱን ቁራጮች በአንድ ላይ፣ ፍጹም እኩል አድርጎ ነበር የሚቆርጠው። ጥንቃቄ የመሰለው ነገር ነበር ጥፋቱ።

ምክንያቱን ለማየት አንድ ደብተር ይዞ መሃሉ ላይ ማጠፍ ይበቃል። የቅጠሎቹ ጠርዝ እኩል የነበረው ወዲያው ደረጃ ይሠራል። ከእጥፋቱ ውጭ ያለው ቅጠል ረጅም መንገድ ስለሚዞር ያጥራል፣ ውስጥ ያለው ደግሞ ይተርፋል። ኮሌታም መቆሚያው ላይ ሲታጠፍ የላይኛው ጨርቅ የታችኛውን ዞሮ ማለፍ አለበት። ሁለቱ እኩል ከሆኑ የላይኛው ያጥረዋል፤ ሲያጥረው ጠርዙን ወደ ራሱ ይስባል፤ ጫፉም ወደ ላይ ይቀለበሳል። ካውያ ለአንድ ሰዓት ያስተኛዋል እንጂ አያድነውም፤ ሸሚዙ ሲለበስ ይመለሳል።

ስለዚህ ሰውየው ሁለቱን ቁራጮች እንደ ቀድሞው እኩል ከቆረጠ በኋላ ከታችኛው ላይ ብቻ በውጭው ረጅም ጠርዝና በሁለቱ ጎኖች ሁለት ሚሊ ሜትር ቀነሰ። በጎኖቹ ላይ ቅነሳው ወደ አንገቱ ሲቀርብ እየጠበበ ሄዶ ያልቃል። የአንገቱ በኩል አልተነካም። ለስስ የሸሚዝ ጨርቅ ሁለት ሚሊ ይበቃል፤ ወፍራም ከሆነ ሦስትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ እኩል ያልሆኑ ሁለት ጨርቆች እንዴት እኩል ይሰፋሉ የሚለው ነው። እዚህ ላይ ያቺ የተወቀሰችው መኪና ራሷ ትረዳለች። ከታች ያሉት ጥርሶቿ ጨርቁን ሲጎትቱ የሚይዙት የታችኛውን ንብርብር ነው፤ የላይኛው በመጠኑ ወደ ኋላ ይቀራል። እንግዲህ ሰፊውን ቁራጭ ከታች ጥርሱ ላይ፣ ጠባቡን ከላይ አድርጎ፣ ጠርዛቸውን አጋጥሞና ጠባቡን በስሱ ወጠር አድርጎ ቢሰፋ ትርፏን ሁለት ሚሊ መኪናዋ ትበላታለች፤ ሽብሽብ አይታይም።

የግራና የቀኙ አለመመጣጠንም የመጣው ከዚሁ ነው። ሰውየው ከግራ ጫፍ ጀምሮ እስከ ቀኝ ጫፍ በአንድ ጉዞ ይሰፋ ነበር። መንገድ ላይ የተጠራቀመው መንሸራተት ሁሉ የሚደርሰው መጨረሻው ጫፍ ላይ ነው። አሁን መሃሉን ምልክት አድርጎ ከመሃል ወደ አንዱ ጫፍ፣ ከዚያ ተመልሶ ከመሃል ወደ ሌላው ሰፋ። የሚንሸራተት ነገር ቢኖር እንኳ ለሁለቱም እኩል ይደርሳል።

ጫፉን ሹል ማድረግ ሌላ ጉዳይ ነው። የድሮ ልማዱ ገልብጦ ሲያበቃ የመቀሱን አፍ አስገብቶ መግፋት ነበር። ያ ደግሞ ወይ ጫፉን ይበሳዋል ወይ ጨርቁን ለጥጦ ያደበልበለዋል። ጫፍ የሚደበለብለው ስላልተገፋ አይደለም፤ ውስጡ ስለሚሞላ ነው። ሁለት የስፌት ትርፍ ከሁለት አቅጣጫ መጥተው፣ ማጠንከሪያው ተጨምሮባቸው፣ በአንዲት ነጥብ ላይ ይከማቻሉ።

በመጀመሪያ ማጠንከሪያውን ስፌቱ ከሚያልፍበት መስመር አሳጥሮ ቆረጠው፤ ጫፉ ውስጥ እንዳይገባ። ወደ ጫፉ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ሲቀረው የመኪናዋን ስፌት ከሁለት ሚሊ ተኩል ወደ አንድ ሚሊ ተኩል አሳጠረ፤ ጥቅጥቅ ያለ ስፌት ጠርዙ አጠገብ ሲከረከም አይተረተርም። ጫፉ ላይ ሲደርስ በአንዴ አልዞረም፤ አንዲት ስፌት በሰያፍ ወግቶ ከዚያ ዞረ። ይህች አንዲት ሰያፍ ስፌት ለጨርቁ ትርፍ ቦታ ትሰጣለች፤ ሲገለበጥ ደግሞ ከሹሉ የበለጠ ሹል ትመስላለች።

ከዚያ ክሩ አለ። ሰያፏን ስፌት ወግቶ መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንዳለ አንድ ጠንካራ ክር በሁለቱ ጨርቆች መሃል አስገባ፤ መሃሉን መርፌው ላይ አጠለቀና ሁለቱን ጫፎቹን ወደ ኮሌታው ውስጥ አስተኝቶ መስፋቱን ቀጠለ። ሰፍቶ ሲጨርስ ትርፉን ወደ አምስት ሚሊ፣ ጫፉ አጠገብ ወደ ሁለት ሚሊ ከረከመ። ኮሌታውን ሲገለብጠው ክሩ ከጫፉ ውጭ ተንጠልጥሎ ይገኛል። ሁለቱን አንድ ላይ ይዞ ቀስ ብሎ ሲስብ ጫፉ ተመዞ ይወጣል። ከዚያ አንዱን ብቻ ሲስቡት ክሩ ሾልኮ ይቀራል። ከውስጥ የሚገፋ መቀስ የለም፤ ከውጭ የሚስብ ክር ነው ያለው።

ቀሪው መታጠፊያው ነው። ኮሌታው ከመቆሚያው ጋር ከመያያዙ በፊት ሰውየው በሚለበስበት ሁኔታ በግራ እጁ ጣቶች ላይ አጠፈው፤ የላይኛው ከላይ፣ የታችኛው ከሥር። እንዲህ እንደታጠፈ የሁለቱ ጨርቆች የአንገት በኩል ጠርዝ የት የት እንደተኛ አየና በመርፌ ቁልፍ ያዘው። ጥቂት ባይገጥሙም ጎትቶ አላጋጠማቸውም። በተኙበት ሰፍቶ የተረፈውን ከረከመ። ጎትቶ ቢያጋጥማቸው ኖሮ በጫፎቹ ያስተካከለውን ሁለት ሚሊ አንገቱ ላይ መልሶ ባጠፋው ነበር።

ከኋላ ብቅ ያለው ስፌት ምክንያቱ ቁመት ነው። የመጀመሪያው ሸሚዝ መቆሚያ ከኋላ ሦስት ሴንቲ ተኩል፣ ኮሌታው አራት ሴንቲ ነበር። ኮሌታው መቆሚያውን ሸፍኖ ከመታጠፊያው የሚተርፈው ግማሽ ሴንቲ ብቻ ስለሆነ አንገት ሲጎነበስ ይገለጣል። አሁን መቆሚያውን ሦስት፣ ኮሌታውን አራት ተኩል አደረገው። መሃሉንና የትከሻውን ቦታ በሦስቱም ላይ፣ ማለትም በኮሌታው፣ በመቆሚያውና በሸሚዙ አንገት ላይ ምልክት አደረገ። ኮሌታው የሚያልቅበትን ቦታ ደግሞ በመቆሚያው ሁለት ጫፎች ላይ ከካርቶን በተቆረጠ አንድ ቅድ አሰመረ፤ የመቆሚያው የፊት ክብ በዓይን ከተሠመረ ግራና ቀኝ መቼም አይመሳሰልም።

ሰፍቶ ሲያበቃ ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሸሚዙን ከኋላ መሃል ላይ አጥፎ ሁለቱን ጫፎች ማገናኘት ነው፤ አንዱ ከሌላው ካለፈ ጥፋት አለ። ከዚያ የላይኛውን ቁልፍ ቆልፎ ሸሚዙን መስቀያ ላይ መስቀል ነው፤ ጫፎቹ ሳይያዙ ሸሚዙን መንካት አለባቸው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም አንድ ነገር ከከዳ መፍትሔ የለውም፤ ማጠንከሪያው። በደንብ ያልተጣበቀ ማጠንከሪያ በመጀመሪያው እጥበት ይለቃል፤ ኮሌታውም እንደ እንጀራ ዓይን ይነፋፋል። ሰውየው ስለዚህ በቁራጭ ጨርቅ ላይ አጣብቆ አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ፣ አጥቦና ተኩሶ አየው። ካውያውን እየገፋ ሳይሆን እያነሣና እየጫነ፣ በአንድ ቦታ አሥር አሥራ ሁለት ሰከንድ እያቆየ ሲሠራ ያዘ። ጨርቁ ሳይቀዘቅዝ ሲያነሣው ደግሞ ለቀቀ። ያን አወቀ።

በሰባተኛው ቀን እህትየዋ መጣች። አላመሰገነችም። ኮሌታውን በሁለት ጣቷ ያዘችው፣ ገልበጥ አድርጋ አየችው፣ አምስቱንም አንድ በአንድ አጥፋ ጫፋቸውን አገናኘች። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ ቀሪውን ሒሳብ ቆጠረች።

«የሀገር ውስጥ ስፌት» የሚባለው ስድብ እጅ የሚሰድብ ይመስላል፤ መኪናም የሚሰድብ ይመስላል። ሰውየው ያቺኑ አሮጌ መኪና፣ ያንኑ ካውያ፣ ያንኑ ጨርቅ ይዞ ነው ሁለቱንም ኮሌታ የሰፋው። የጎደለው ነገር ኮሌታው ውስጥ ተሰፍቶ የተደበቀ ስለነበር ነው ያልታየው። ሙያ እያዩ በሚለመድበት ቤት ተማሪ የሚያየው የጌታውን እጅ ነው፤ በተዘጋ ኮሌታ ውስጥ ያለውን ሁለት ሚሊ ግን ማንም አያየውም፤ ካልነገሩት ወይም ካልፈታው በስተቀር።

የፈታው የሰልባጅ ኮሌታ ዛሬም ከመኪናዋ በላይ በምስማር ተሰቅሏል፤ ላይኛውና ታችኛው ጎን ለጎን። አጠገቡ ሙያ የሚለማመደው ልጅ መጀመሪያ ቀን «ጋሼ፣ ይኼ ቁራጭ ይጣል?» ብሎ ጠይቆ ነበር።

«ተወው» አለው። «መጀመሪያ ደርበህ እየው።»