እንግዳና ደባል

ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ፣ እንጅባራን ዝናብና ጉም በሚፈራረቁባት ሰሞን፣ ጓደኛዬ ከዳንግላ ደወለችልኝ። ስትጠብቀው የኖረችው ዝውውር ተፈቅዶላት መስከረም ላይ እዚህ ሥራ ልትጀምር ነው። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ቀጥላ፣ «እንግዲህ አንቺ ጋ ነኝ። ዓርብ ዓርብ ወደ ልጆቼ እሄዳለሁ። ዓመት ምን አላት፣ ወዲያው ነው የምታልቀው» አለችኝ።

አፌ ላይ የመጣው «እሺ» ነበር። «እሺ ይበልጣል ከሺ» እየተባልን ነው ያደግነው። ያን ቀን ግን ቃሉን ዋጥኩት፤ ከዓመታት በፊት አንዴ «እሺ» ብዬ ያመጣብኝን አውቃለሁና።

ያኔ የሥራ ባልደረባዬ የነበረች ልጅ «ቤት እስካገኝ፣ ሁለት ሳምንት ብቻ» ብላኝ ገባች። ስምንት ወር ተቀመጠች። ጥሩ ልጅ ነበረች፤ ክፉ ነገር አላየሁባትም። ክፉው ነገር መቼ እንደምትወጣ ሁለታችንም አለማወቃችን ነው። በሦስተኛው ወር እኔ ከሥራ ስወጣ ቀጥታ ወደ ቤቴ መሄድ ትቼ ጎረቤት ጋ ማምሸት ጀመርኩ። ከባሌ ጋር የምናወራው በሹክሹክታ ሆነ። እሷ ደግሞ ገበታ ላይ ሁለት ጉርሻ ጎርሳ «ጠገብኩ» ትላለች፤ ማንም ሳያዛት ሌሊት ተነስታ ዕቃ ታጥባለች፤ ልጃችን ስታለቅስ ከእኛ ቀድማ ትደነግጣለች። በሰው ቤት የሚኖር ሰው ዕዳ እንዳለበት ሁሉ ሲሳቀቅ ማየት ከሊጡ ማለቅና ከውኃው ማነስ ይልቅ ይከብዳል። በመጨረሻ ሳንጣላ፣ ሳንነጋገርም፣ አንድ ቀን ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። ዛሬ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን፤ ከዚያ ያለፈ የለም። «ሁለት ሳምንት» ስትለኝ «ከሁለት ሳምንት በኋላስ?» ብዬ አለመጠየቄ የኔ ጥፋት ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ያሰብኩበት ነገር አለ። በኛ አገር መንገደኛ ሲመሽበት በር ላይ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ይላል። «አሳድሩኝ» ነው የሚለው፤ ልመናው የአንዲት ሌሊት ነው። ለእንግዳ መደብ ይለቀቃል፣ እግሩ ይታጠባል፣ ከቤቱ ሰው የተሻለው ይቀርብለታል፤ ይህ ሁሉ የሚቻለው ሲነጋ ስለሚሄድ ነው። ከሰው ጋር ቤት ተጋርቶ የሚኖረው ግን ሌላ ስም አለው፤ ደባል ይባላል። ደባል ኪራይ ያዋጣል፣ የውኃ ተራ አለው፣ በሩን በራሱ ቁልፍ ይከፍታል፤ እንግዳ ይህ ሁሉ የለበትም። ችግር የሚመጣው ሰው በእንግዳ ስም ገብቶ በደባል ዘመን ሲኖር ነው። የእንግዳ ክብሩ በሳምንት ውስጥ ያልቃል፣ የደባልም መብት አያገኝም። አስተናጋጁም እንደዚያው ነው፤ እንደ እንግዳ ተቀባይ ዝም ይላል፣ እንደ ደባል ውስጡ ይቆጥራል።

ይህን ስል እንግዳ የሚከብደኝ እንዳይመስላችሁ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከተመሠረተበት ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የሚከበረው የጥር 23 በዓል ሲደርስ የኛ ሁለት ክፍል ቤት ዘጠኝና አሥር ሰው ያሳድራል። ሳሎኑ በፍራሽ ይሞላል፣ ብርድ ልብስ ከጎረቤት እንዋሳለን፤ ያ ሰሞን ከዓመቱ ሁሉ የምወደው ነው።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። ስልኩ ላይ «እሺ»ም «አይሆንም»ም አላልኳትም። «እስከ ቅዳሜ ስጪኝ፤ ቅዳሜ ራሴ ዳንግላ መጥቼ ቁርጡን እነግርሻለሁ» አልኳት። ቀኑን መናገሬ ጠቅሞኛል ብዬ አምናለሁ። «እናያለን» ብላት ኖሮ በኛ አነጋገር ግማሽ እሺታ ነው፤ እሷም ሻንጣ ማዘጋጀት ትጀምር ነበር፣ የኋላው እምቢታም ክህደት ይመስል ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳት፤ «የከበደሽ ኪራዩ ነው ወይስ ብቻሽን መኖሩ?» ትንሽ ዝም አለችና «ብቻዬን መኖሩ» አለች። «ኪራዩን እንደምንም እወጣዋለሁ፤ በማላውቀው ግቢ ብቻዬን ማደሩን ግን እፈራለሁ።» ይህን ባልጠይቃት ኖሮ የምረዳትም በማያስፈልጋት ነገር ይሆን ነበር።

ማታ ከባሌ ጋር ተነጋገርን። ሴት ልጃችን ስምንተኛ ክፍል ገብታ ለክልሉ ፈተና የምትዘጋጅበት ዓመት ነው፤ የምታጠናውም የምትተኛውም ሳሎን ነው። ሌላ ክፍል የለንም። ይህ እውነት ነው፤ በቂም ነው። ባሌ «ከፈለግሽ እኔ እንዳልፈቀድኩ አድርገሽ ንገሪያት» አለኝ። ከደግነቱ ነው፤ ግን አልተቀበልኩትም። እሷ ባሌን የምታገኘው በኔ በኩል ነው፤ ነገ ቤቴ ስትመጣ ዓይኑን ማየት ያቅታታል። ደግሞም እምቢታው የሌላ ሰው ከሆነ ሽማግሌ ይላክበታል። በአከራይ ማሳበቡም የባሰ ነው። እንጅባራ ትንሽ ከተማ ናት፤ ጓደኛዬ ገበያ ላይ አከራዬን አግኝታ «ለምን ከለከሉኝ?» ብላ መጠየቋ አይቀርም።

ቅዳሜ በሚኒባስ አዲስ ቅዳምን አልፌ ዳንግላ ገባሁ። 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በስልክ መናገር እየተቻለ ለዚህ ብዬ መሄዴ ከምናገረው ቃል እኩል ይቆጠራል ብዬ ነበር። ቡና ቀርቦ ጠበቀኝ። አስቀድሜ የወሰንኩት ነገር ቢኖር በአቦሉ ልነግራት እንጂ ለበረካ እንዳላቆየው ነው። በበረካ ብነግራት ተናግሬ መሄዴ ነው፤ በአቦሉ ብነግራት ግን ቶናውና በረካው ይቀሩናል፤ ከከበደው ነገር በኋላ አብሮ የሚቀመጡበት ጊዜ ይኖራል።

«እህቴ፣ ዓመቱን ሙሉ እኔ ቤት መቀመጡ አይሆንልኝም» አልኳት። «ልጄ የምታድረውም የምታጠናውም ሳሎን ነው፤ ዘንድሮ ፈተና አለባት። ሌላ ክፍል የለኝም።»

«አይሆንልኝም» እንጂ «እምቢ» አላልኩም። እምቢ ፊትን ይዘጋል፤ አይሆንልኝም ግን አቅምን ይናገራል። ከዚያ ዝም አልኩ። ሌላ ምክንያት መደርደር አምሮኝ ነበር፤ የአማቴን መምጣት፣ የውኃውን መጥፋት፣ የከሰሉን ነገር። አንድ እውነት ላይ ሦስት ምክንያት ሲጨመርበት ግን ሰሚው ሦስቱን አንድ በአንድ ማፍረስ ይጀምራል፤ «ውኃ እኔ እቀዳለሁ፣ ከሰል ከዳንግላ አመጣለሁ» ይላል። ሲፈርሱ ዋናውም የፈረሰ ይመስላል።

ስኒዋን አስቀመጠች። «እዚሁ ዳንግላ በአንድ ፍራሽ ላይ ሦስት ዓመት አልተኛንም እንዴ?» አለችኝ።

ልቤን ነካችው። እውነት ነው። ሁለታችንም ከገጠር ለትምህርት መጥተን አንዲት ክፍል በደባልነት ተከራይተን ነው የተማርነው። እሑድ እሑድ ከየቤታችን ስንቅ ይዘን እንመለሳለን፤ የሷ ድርቆሽ ሲያልቅ የኔ ይከፈታል። ግን ኪራዩን ግማሽ ግማሽ ነበር የምንከፍለው። አንዳችን አኩርፈን ብንተኛ እንኳ የማንም ቤት ውስጥ አልነበርንም፤ ቤቱ የሁለታችንም ነበር። ይህንኑ ነገርኳት። «አሁን ብትመጪ ግን እኔ ባለቤት፣ አንቺ ጥገኛ ልንሆን ነው። አንቺን እንደዚያ ሆነሽ ላይሽ አልችልም» አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም። ቶናውን ቀዳች።

ከዚያ ይዤ የሄድኩትን አወጣሁ። «ሥራ በምትጀምሪበት ሳምንት እሑድ ማታ ነይና እስከ ዓርብ ጠዋት እኛ ጋ እደሪ፤ ልጄ ያን አምስት ሌሊት ከኛ ጋር ትተኛለች። ዓርብ ወደ ልጆችሽ ትሄጃለሽ፤ እሑድ ስትመለሺ የራስሽ ክፍል ትገቢያለሽ። ክፍሉን እስከዚያ እኔ እፈልጋለሁ።» ቀኑን እንዲህ የቆጠርኩት «ለጥቂት ቀን» የሚለው ቃል ስምንት ወር እንደሚሆን ስላየሁ ነው።

በሳምንቱ ከደላላ ጋር አምስት ግቢ ዞርኩ። ብቻዋን ማደር እንደምትፈራ ስለነገረችኝ መፈለጊያዬ ያ ነበር። ሁለቱ ርካሽ ነበሩ፤ ግን በሩ በቀጥታ ወደ መንገድ ይወጣል። አንዱ ጥሩ ክፍል ነበር፤ ግቢው ውስጥ ግን ማታ የሚያድር ሰው የለም። የወሰድኩት አምስተኛውን ነው፤ እናትና ሁለት ሴቶች ልጆች የሚኖሩበት፣ ቧንቧው ግቢ ውስጥ ያለ፣ ከኛ ቤት በእግር አሥር ደቂቃ የማይሞላ። ውሉን በጽሑፍ እንዲያደርጉ ጠየቅሁ። የእንጅባራን ብርድ ዳንግላ የለመደ ሰው አያውቀውምና አንድ ወፍራም ፍራሽ፣ ሁለት ብርድ ልብስና ምድጃ ወስጄ አስገባሁ። የመጀመሪያውን ወር ኪራይ ግማሹን ከፈልኩላት፤ ብድር ነው አላልኩም።

ሁሉም በዚህ አላለቀም። በዚያው ሳምንት የጋራ ጓደኛችን ደውላ «እንዴት ጨከንሽ?» አለችኝ። ዳንግላ ላይ ያልኩትን ያንኑ ዓረፍተ ነገር፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ደገምኩላት። ጓደኛዬም መጥታ አምስቱን ሌሊት ስታድር ዝምተኛ ነበረች፤ ክፍሏ ከገባች በኋላ ሦስት ሳምንት አልደወለችም። ያ ጊዜ ከብዶኝ ነበር። ይቅርታ እየጠየቅሁ ልለማመጣት አማረኝ፤ ያ ግን በድዬሻለሁ ማለት ነው፤ አልበደልኳትም። ረቡዕ ረቡዕ ብቻ «እራት ደርሷል፣ ነይ» እያልኩ እደውል ነበር። ሁለቱን ረቡዕ «ደክሞኛል» አለች። በሦስተኛው መጣች።

ይህ ሁሉ ግን አማራጭ ላለው ሰው ነው። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል የተፈናቀሉ ወገኖች ቻግኒ አጠገብ ራንች መጠለያ ሲሰፍሩ፣ ዘመድ ያለው ዘመዱ ቤት ገብቶ ነበር። እንዲህ ላለ ሰው፣ ከባሏ ዱላ ሸሽታ ሌሊት በር ለምታንኳኳም፣ ሳሎኑ ጠበበ አይባልም። ቀን የሚቆጠረው ደኅና ከሆኑ በኋላ ነው።

አሁን ረቡዕ የኛ ቀን ነው። አንድ ጊዜ ዝናቡ አላስወጣ ብሏት መሸ፤ ፍራሹን አወረድኩና አደረች፣ ሲነጋ ቁርስ በልታ ሥራዋ ሄደች። ባለፈው እሑድ ደግሞ ከዳንግላ ቅቤ ይዛ ተመልሳ «ዛሬ ቡና እኔ ጋ ነው» ብላ ጠራችኝ። በሯ ላይ ቆሜ «ቤት ለእንቦሳ!» አልኳት።

«እንቦሳ እሰሩ» አለችኝ፣ ከውስጥ፣ ረከቦቱን እያስተካከለች።