የአራስ ጠላና የሚደፋው ወተት

በየቤታችን አንዲት የምታጠባ እናት ስለ መጠጥ ሁለት ዓይነት ምክር ትሰማለች። አንደኛው የአያቶች ነው፤ «ጠላ ወተት ያመጣል፣ ጠጪ» ይላል። ሁለተኛው በቅርብ ዓመታት ከስልክና ከውጭ አገር ዘመድ የመጣ ነው፤ «ከጠጣሽ ወተቱን አልበሽ ድፊው፣ ከዚያ አጥቢ» ይላል። አዋላጅ ነርስ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁለቱንም ሰምቻለሁ። ሁለቱ በአንድ ቤት በአንድ ቀን ሲጋጩ ያየሁት ግን ባለፈው ዓመት በእህቴ ልጅ ቤት ነው።

ሕፃኗ 80 ቀን ሞልቷት ክርስትና የተነሣችበት እሑድ ነበር። እናቲቱ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ አጥብታ አስተኛቻት። 7 ሰዓት ላይ ምሳ ቀረበና ከምግቡ ጋር አንድ ጠርሙስ ቢራ ጠጣች። ቢራው እንዳለቀ አማቷ፣ እኔም «እትዬ» እያልኩ የምጠራቸው፣ «የምን ቢራ ብቻ! ጠጁንም ቅመሺ እንጂ፤ ጡትሽ ይሞላል» ብለው ብርሌ አስያዟት። አማት አስይዞ እምቢ አይባልም፤ ግማሹን ጠጣች። ይኼን ጊዜ ለክርስትናው ከአሜሪካ የመጣች የአጎቷ ልጅ ደነገጠች። «አሁን እንዴት አድርገሽ ልታጠቢ ነው? በይ ማለቢያውን አምጪና አልበሽ ድፊው!» አለቻት። ክርክሩ ሲሞቅ እትዬ ወደ እኔ ዞረው «አንቺ ነርስ አይደለሽ? እስቲ ፍረጂ» አሉኝ።

እኔም ያልኩት «ወተቱ እንዳለ ይቆይ፤ የምንቆጥረው ሰዓት ነው» የሚል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙ ሰው ጡትን እንደ ጋን ያስበዋል፤ መጠጡ ገብቶ እዚያው ተጠራቅሞ የሚቀመጥ፣ እስኪቀዳና እስኪደፋ ድረስ የማይወጣ ይመስለዋል። አልኮል ግን በጡት ውስጥ አይጠራቀምም። ደምና ወተት በራቸው ክፍት እንደሆነ ሁለት ክፍሎች ናቸው፤ አልኮል በደም ውስጥ ሲጨምር ወደ ወተቱ ይገባል፣ በደም ውስጥ ሲቀንስ ደግሞ ከወተቱ ወደ ደም ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ በማንኛውም ሰዓት በወተቱ ውስጥ ያለው መጠን በእናቲቱ ደም ውስጥ ካለው ጋር ተቀራራቢ ነው። በወተቱ ውስጥ ከፍ የሚለው መጠጡ ከተጠጣ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ከምግብ ጋር ከሆነ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ሊዘገይ ይችላል። ከዚያ በኋላ ማንም ሳይነካው ይወርዳል።

አልቦ መድፋት የማይጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው። እናቲቱ 8 ሰዓት ላይ ጡቷን አልባ ብትጨርስ እንኳ ከሩብ ሰዓት በኋላ የሚመጣው አዲስ ወተት የሚሠራው ከዚያው አልኮል ካለበት ደም ነው። አልኮልን ከደም የሚያጠፋው ጉበት ነው፤ ጉበት ደግሞ በራሱ ፍጥነት እንጂ በእኛ ጥድፊያ አይሠራም። ቡና፣ ብዙ ውኃ፣ ገላ መታጠብ፣ እንቅልፍ፣ አንዳቸውም አያፋጥኑትም። በሌላ በኩል 11 ሰዓት ላይ ያ ደም ከጠራ፣ 8 ሰዓት ላይ በጡት ውስጥ የነበረው ወተትም ሳይደፋ አብሮ ይጠራል። ማለብ የሚጠቅመው አንድ ነገር ጡት ተወጥሮ ሲያም ለማስተንፈስ፣ እንዲሁም እናቲቱ ሳታጠባ የምትቆይበት ጊዜ ሲረዝም ወተቱ እንዳይቀንስ ለማድረግ ነው። በመጠጡ ሰዓት የታለበው ይደፋል፤ መደፋቱ ግን የሚቀረውን አያጠራም።

የአያቶቹን ነገር በተመለከተ እትዬን «ውሸት ነው» አላልኳቸውም፤ ያዩት ነገር አለና። ጁሊ ሜኔላ የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በአሜሪካ ፊላዴልፊያ ከተማ ይህንን ጉዳይ ለዓመታት አጥንታለች። በ1991 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት እናቶች አልኮል ከጠጡ በኋላ በነበሩት ሰዓታት ሕፃናቱ የጠቡት ወተት ከወትሮው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ ምክንያቱን አሳዩ። ወተት እንዲሠራ የሚያዘው ሆርሞን ፕሮላክቲን ይባላል፤ የተሠራውን ወደ ጡት ጫፍ የሚገፋው ደግሞ ኦክሲቶሲን ነው። አልኮል የመጀመሪያውን ከፍ፣ ሁለተኛውን ዝቅ ያደርጋል። ጡት ይወጠራል፣ እናቲቱም «ሞላልኝ» ትላለች፤ ወተቱ ግን እንደ ልብ አይወርድም። እንግዲህ አያቶቻችን ጡት ሲሞላ ማየታቸው እውነት ነው፤ የሞላው ግን ስላልወጣ ጭምር ነው። ሕፃኑ ይጎትታል፣ ይነጫነጫል፣ ትንሽ ጠብቶ ይተወዋል፤ እናቲቱ ቶሎ አታስተውለውም።

ጠላና ቢራ የሚሠሩበት ገብስ ራሱ ፕሮላክቲንን እንደሚያነሣሣ ይነገራል። ይህ ከሆነ ደግሞ ገብሱን ለማግኘት አልኮሉ አያስፈልግም። የገብስ አጥሚት፣ ቅንጬና በሶ በየቤቱ አሉ። ወተትን በርግጥ የሚጨምረው ግን ቶሎ ቶሎና በደንብ ማጥባት ነው። እትዬ አጥሚቱን ተቀበሉኝ፣ ጠጁን ግን ለመተው ጥቂት አንገራገሩ።

ወደ ሰዓቱ እንመለስ። በግምት አንድ ጠርሙስ ቢራ፣ ግማሽ ብርሌ ጠጅ ወይም አንድ መለኪያ አረቄ ተቀራራቢ የአልኮል መጠን አላቸው። አንዱን ከደም ለማስወጣት መካከለኛ ክብደት ላላት ሴት ከ2 እስከ 2 ሰዓት ተኩል ይወስዳል፤ ቀጭን ከሆነች ይረዝማል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከልም አንድ መጠጥ የጠጣች እናት ቢያንስ 2 ሰዓት ቆይታ እንድታጠባ ይመክራል። ከሁሉ የሚሻለው ጨርሶ አለመጠጣት እንደሆነም ይናገራል። ሁለት ሲሆን ሰዓቱ እጥፍ ነው፤ የሚቆጠረውም መጠጣት ከተጀመረበት ጊዜ ነው።

እንግዲህ የእህቴ ልጅ ቢራዋን ብቻ ጠጥታ ቢሆን ኖሮ ምንም ጣጣ አልነበረም። 6 ሰዓት ተኩል ላይ አጥብታለች፤ ሕፃኗ በየ3 ሰዓቱ ስለምትጠባ የምትነቃው ወደ 9 ሰዓት ተኩል ነው። 7 ሰዓት ላይ የጀመረችው ቢራ እስከዚያ ከደሟ ወጥቷል። መጠጡን ከማጥባት በፊት ሳይሆን ወዲያው አጥብቶ መቅመስ የሚባለው ለዚህ ነው። ጠጁ ሲጨመር ግን ሰዓቱ ከ11 እስከ 12 ሰዓት ሄደ፤ ሕፃኗ ደግሞ እስከዚያ አትጠብቅም።

ደግነቱ እናቲቱ በዚያ ቀን እንግዳ እንደሚበዛባት አውቃ በማግስቱ የሚጠቅማትን ወተት ዋዜማውን አልባ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣ ነበር። የታለበ የጡት ወተት በፍሪጅ እስከ 4 ቀን ይቆያል፤ ፍሪጅ በሌለበት ቤትም ሙቀት ባልበዛበት ክፍል፣ በንጹሕና በተከደነ ዕቃ፣ እስከ 4 ሰዓት ይቆያል። ስለዚህ ፍሪጅ የሌላት እናት ከድግሱ ትንሽ ቀደም ብላ ብታልብ ለሚቀጥለው ጊዜ ይደርስላታል። 9 ሰዓት ተኩል ላይ ሕፃኗ ስትነቃ ወተቱን በሞቀ ውኃ ውስጥ አስቀምጠን ለብ አደረግነውና በንጹሕ ስኒ ቀስ አድርጌ አጠጣኋት። እናቲቱ ጡቷ ስለተወጠረ ጥቂት አልባ ደፋች፤ የአጎቷ ልጅም «አየሽ?» አለች። እኔም «ለሕመሙ ነው እንጂ ለማጥራት አይደለም» አልኳት። ከዚያ 12 ሰዓት ላይ እናቲቱ ራሷ አጠባች።

ከክርክሩ በኋላ እናቲቱ ጓዳ ጠርታኝ «አክስቴ፣ የታለበ ወተት ባይኖረኝስ ኖሮ?» አለችኝ። ይህ ደህና ጥያቄ ነው። አንድ ቢራ በጠጣች ሴት 100 ሚሊ ሊትር ወተት ውስጥ፣ ከፍ ባለበት ሰዓት እንኳ፣ የሚገኘው አልኮል በአንድ ሚሊ ሊትር ቢራ ውስጥ ያለውን ያህል ነው፤ የሻይ ማንኪያ አምስተኛ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ቀን አንድ መጠጥ ጠጥታ ሕፃኑ ቢራብ፣ ድንጋጤ ውስጥ ገብቶ የላም ወተት ወይም ስኳር በውኃ መስጠት ከዚያ የባሰ ነገር ነው። ይህን ስል ግን ልቅ ፈቃድ እየሰጠሁ አይደለም። የሕፃን ጉበት፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት፣ አልኮልን የሚያስወግደው ከአዋቂ በጣም ዘግይቶ ነው። በየቀኑ ወይም በብዛት ሲሆን መጠኑ ትንሽ መሆኑ ይቀራል፤ እንቅልፉም ይቆራረጣል፣ የሚጠባውም ይቀንሳል። ሕፃኑ ከወትሮው በላይ ከደነዘዘ፣ ለመጥባት ቢቀሰቀስ አልነቃ ካለ ወይም ጡት መሳብ ካቃተው ሰዓት መቁጠሩ ይቅርና ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

ይህ ሁሉ ቁጥር የፋብሪካ ቢራ ላይ በደንብ ይሠራል። የቤት ጠላ፣ ጠጅና አረቄ ግን እንደ ጠማቂዋ ነው፤ አንዱ ቤት ቀጭን የሆነው ሌላው ቤት ያሰክራል፣ የተነጠረ ጠላም ሲቀምሱት የማይታወቅ ጉልበት አለው። መለኪያውም በየቤቱ ይለያያል። እናቲቱ ገና ሞቅ ብሏት ከሆነ ወተቱም ሞቅ እንዳለው ማወቅ ነው፤ ሞቅታው ስለጠፋ ብቻ ግን ጠርቷል ማለት አይደለም። የጠጡትን ብዛት መቁጠር ካቃተ ማደር ይሻላል።

በዚያ ቀን እኔን ያሳሰበኝ ወተቱ ሳይሆን ሌሊቱ ነበር። በአገራችን እናት ልጇን አቅፋ ነው የምትተኛው። የጠጣች እናት ግን እንቅልፏ ከባድ ነው፤ ክንዷ በሕፃኑ ፊት ላይ ቢያርፍ፣ ብርድ ልብሱ ቢሸፍነው ላትነቃ ትችላለች። ሕፃን በዚህ ሁኔታ ታፍኖ ይሞታል። ይህ ከወተት ጋር ከሚገባው ጠብታ አልኮል ይልቅ በጣም የሚያስፈራ ነገር ነው፤ አባትም ጠጥቶ ከሆነ ለሁለቱም ይሠራል። ሶፋ ላይ አቅፎ ማንቀላፋት ደግሞ ከአልጋውም የባሰ ነው።

ይህንን ለእትዬ ስነግራቸው ብርሌውን አስቀመጡ። «በሉ እኔ ጾመኛ ነኝ፣ ምንም አልቀመስኩም» አሉና የሕፃኗን ትንሽ አልጋ ወደ እናቲቱ አልጋ አጠገብ አስጠጉ። ሌሊት ስትነቃ እሳቸው ይነሣሉ፤ ለእናቲቱ አቀብለው፣ ጠብታ ስትጨርስ ወደ አልጋዋ ይመልሷታል። እስከ ንጋት ሦስቴ ተነሡ።