የዓይን ክሬም፦ ካፌይኑን እንጠጣው ወይስ እንቀባው?

ዛሬ ስለ ፍቅረኛ አላወራችሁም። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ዓይናችሁ ሥር ነው። ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ፋርማሲ ቤት ከባንኮኒ ጀርባ መቆም ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ታዲያ ከራስ ምታት መድኃኒት ቀጥሎ ወጣት ደንበኛ ድምፁን ቀነስ አድርጎ የሚጠይቀኝ ነገር ቢኖር “ለዓይን ሥር የሚሆን ነገር አላችሁ?” የሚል ነው። ሴቱም ወንዱም! እናንተ ወንዶች እንደማትጠይቁ አታስመስሉ።

ነገሩን በአንዲት ልጅ ታሪክ ላስረዳችሁ። ልጅቷ 22 ዓመቷ ነው። ካዛንቺስ ውስጥ ማታ ማታ ምግብ ቤት ካሸር ሆና ትሠራለች። ከሌሎች ሁለት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። አንድ ቀን አለቃዋ “አንቺ፣ እንቅልፍ አትተኚም እንዴ? ደንበኛ እኮ ፊትሽን ነው የሚያየው” አላት። በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ መስታወት ጠላቷ ሆነ። ሄዳ የኮስሞቲክስ ሱቅ ስትጠይቅ 15 ሚሊ ሊትር የምትይዝ ቱቦ አሳዩዋት። “ካፌይንም ፔፕታይድም አለው፣ የኔ ቆንጆ። ለአንቺ 2,400 ብር” ተባለች። ልጅቷ እጇ ላይ የነበረው ገንዘብ ለቤት ኪራይ የምታዋጣው ነበር። የቱቦዋን ፎቶ በስልኳ አንስታ ወደ እኔ መጣች። “እህቴ፣ ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?” አለችኝ።

በቅድሚያ ሒሳቡን አብረን ሠራን። 2,400 ብርን ለ15 ስናካፍለው አንዱ ሚሊ ሊትር 160 ብር ይወጣል። እኛ መደርደሪያ ላይ ሽታ የሌለው ተራ የፊት ማለስለሻ ቅባት አለ፤ 250 ሚሊ ሊትሩ 1,000 ብር ነው። ይኼኛው ሚሊ ሊትሩ 4 ብር መሆኑ ነው። ልዩነቱ 40 እጥፍ! ታዲያ ይኼ አርባ እጥፍ የሚከፈለው ለምንድነው?

የሁለቱን ጀርባ ጎን ለጎን አነበብን። የሁለቱም ዝርዝር በውሃ ይጀምራል፣ ግሊሰሪን ይከተላል፣ ከዚያ የሚያለሰልሱ ቅባቶች ይመጣሉ። ልጅቷ “እንዴ! አንድ ዓይነት ነው እኮ!” አለች። አዎ፣ አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። የዓይን ቆብና ከሥሩ ያለው ቆዳ ከሰውነታችን ሁሉ ስስ ነው፤ ቆቡ ላይ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። የቅባት ዕጢውም ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል። ሲደርቅ ደቃቅ መስመሮች ይወጡበታል። ግሊሰሪን ውሃ ይስባል፤ እንደ ቫዝሊን ያለው ቅባት ደግሞ ውሃው እንዳይተን ይከድናል። ቆዳው ውሃ ሲጠግብ ደቃቁ መስመር በደቂቃዎች ውስጥ ይሞላል። ባለሱቁ እጃችሁ ላይ ቀብቶ “አያችሁ?” ሲል የምታዩት ይኼንኑ ነው። ውዱም ርካሹም ያደርገዋል።

እውነቱን ለመናገር ግን የዓይን ክሬም ከተራው የሚለይበት ነገር አለው። ብዙ ጊዜ ሽቶ አይጨመርበትም፣ ወደ ዓይን እንዳይፈስም ተደርጎ ይሠራል። ስለዚህ የፊት ቅባታችሁ ሽቶ ካለው፣ ወይም እንደ ሬቲኖልና አሲድ ያለ የሚያቃጥል ነገር ካለበት ወደ ዓይናችሁ አታስጠጉት። ሽታ የሌለው ተራ ቅባት ከሆነና ካላቃጠላችሁ ግን ያንኑ ሥራ ይሠራል። ለሁለቱም ዓይን አንድ የሩዝ ፍሬ የምታክል ይበቃል። የሽፋሽፍቱ ሥር ድረስ ሳትደርሱ አጥንቱ ላይ በቀለበት ጣት ነካ ነካ ማድረግ ነው።

“እሺ፣ ካፌይኑስ?” አለችኝ ልጅቷ። እኔም ሳቄ መጣ። ቡናን ለዓለም ያበረከተች አገር ልጅ ለካፌይን በሚሊ ሊትር 160 ብር ልትከፍል! ካፌይን በቆዳ ውስጥ ማለፉ እውነት ነው፣ የደም ሥርን ያጠብባል መባሉም ከሜዳ የተነሣ አይደለም። ግን የታይላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት ዓይናቸው የሚያብጥ 34 ሰዎችን ይዘው ካፌይን ያለውን ጄልና ካፌይን የሌለውን ያንኑ ጄል አወዳደሩ። በጠቅላላው ሲታይ ሁለቱ ይኼ ነው የሚባል ልዩነት አላሳዩም። ካፌይን ያለው በልጦ የታየው ከአራቱ አንድ በማይሞላው ሰው ላይ ብቻ ነው። ተመራማሪዎቹ እብጠቱን የቀነሰው በዋናነት የጄሉ ቅዝቃዜ ነው ብለው ደመደሙ። ቅዝቃዜን ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ ያደረ የሻይ ማንኪያም ይሰጣችኋል። ያውም በነፃ! (የቡና አተላ ዓይን ሥር የምታሹ ግን ተዉ። አተላው ስስ ቆዳን ይፍቃል እንጂ አያድንም።)

እዚህ ላይ ትልቁ ነገር ይመጣል። ካፌይን ቢሠራ እንኳ የሚሠራው ለእብጠት ወይም ለደም ሥር ነው። የናንተ ዓይን ሥር የጠቆረው በምን እንደሆነ ሳታውቁ ገንዘብ ማውጣት በሽታ ሳይታወቅ መድኃኒት መዋጥ ነው። ልጅቷን መስኮት አጠገብ አቁሜ መስታወት ሰጠኋት። መጀመሪያ ፊቷን ቀና አድርጋ ብርሃኑ ፊት ለፊት እንዲያርፍባት አደረግን። ጥቁረቱ እንዲህ ሲደረግ ከጠፋ የጉድጓድ ጥላ ነው፤ ጥላን የሚያጠፋ ክሬም የለም። የሷ አልጠፋም። ቀጥሎ ቆዳውን በጣቷ ቀስ አድርጋ ወጠረችው። ሲወጠር ሰማያዊነቱ ይበልጥ ጎልቶ ከወጣ በስሱ ቆዳ ሥር የሚታየው የደም ሥር ነው። ሲወጠርም ያው ቡናማ ከሆነ የቆዳው ቀለም ራሱ ነው። የሷ ያው ቡናማ ነበር። “እናትሽስ?” አልኳት። “እናቴም፣ ወንድሜም እንዲሁ ናቸው” አለች። አያችሁ! ጠይም ቆዳ ላይ ይኼ ዓይነቱ ብዙ ነው፣ በዘርም ይወርዳል። ካፌይን ይኼን ቀለም አይነካውም። የሚያብሰው ፀሐይና ዓይንን ማሸት ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ፀሐይዋ አታሳዝንም። የአበባ ብናኝና አቧራ ዓይኑን የሚያሳክከው ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያሽ ይውላል፣ ጥቁረቱም ይብሳል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የአለርጂ ሕክምና ከማንኛውም ክሬም ይቀድማል።

ልጅቷ ጠዋት ስትነሣ ማበጡ ሌላ ነው። ሌሊት ወጥ ቤት ጨው የበዛበት ትራፊ በልታ በቀጥታ ጋደም ትላለች። ትራስ ከፍ ማድረግና ቀዝቃዛ ማንኪያ ለዚህ ይበቃል። እኩለ ቀን አልፎ የማይጎድል እብጠት ከሆነ፣ እግርም አብሮ ካበጠ ግን ጉዳዩ የቅባት አይደለምና ኩላሊታችሁን ለመታየት ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ፔፕታይዱን ላልፈው አልችልም። ፔፕታይድ የፕሮቲን ቁራጭ ነው። ቆዳው ኮላጅን እንዲሠራ ምልክት ይሰጣል የሚል ሐሳብ ነው ያለው። ችግሩ ፔፕታይድ ውሃ ወዳድ ስለሆነ ቅባታማውን የቆዳ ሽፋን በቀላሉ አያልፍም፤ ለዚህ ነው የስብ ጭራ የሚቀጥሉለት። “ፓልሚቶይል” የሚል ቃል ካነበባችሁ ጭራው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ ጥናት ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 55 የሆኑ 93 ነጭ ሴቶች በአንድ ጉንጫቸው ተራውን ቅባት፣ በሌላው ያንኑ ቅባት ከፔፕታይድ ጋር ለ12 ሳምንት ተቀቡ። ፔፕታይዱ ያለበት ወገን ደቃቅ መስመርን በጥቂቱ በልጦ ቀነሰ። በጥቂቱ! ያውም መስመርን እንጂ ጥቁረትን አይደለም። ለ22 ዓመት ልጅ ደግሞ ገና የሚቀንሰው መስመር የት አለና? ዕድሜያችሁ ወደ 40 ከተጠጋና ትርፍ ገንዘብ ካላችሁ ሦስት ወር ሞክሩት፣ አልከለክልም። ኪራይ ከፍሎ የተረፈ ከሆነ ማለቴ ነው።

አንድ ነገር በሹክሹክታ ጨመረችልኝ። ባለሱቋ “ያ ከተወደደብሽ ይኼ አለ፣ በሳምንት ያጠራዋል” ብላ ስም የሌለው ትንሽ ብልቃጥ አሳይታታለች። 300 ብር! ይኼን ስሰማ ወግ አቆምኩ። ውዱ ክሬም ቢበዛ ኪስ ይጎዳል። ይኼኛው ግን ዓይን ይጎዳል። በሳምንት የሚያጠራ ስም የለሽ ቅይጥ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እንደ ክሎቤታሶልና ቤታሜታዞን ያለ ጠንካራ የስቴሮይድ መድኃኒት ነው። መጀመሪያ እውነትም ያጠራል። ከዚያ ስሱን ቆዳ የባሰ ያሳሳዋል፣ የደም ሥሩ ይወጣል፣ ሲተዉት ቀልቶ ያቃጥላል። ዓይን አጠገብ ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ደግሞ የዓይን ግፊት ጨምሮ ግላኮማ፣ እንዲሁም የዓይን ሞራ ሊያመጣ ይችላል። በግላኮማ የጠፋ ብርሃን አይመለስም። ስለዚህ ዝርዝር ያልተጻፈበት፣ አምራቹ የማይታወቅ ብልቃጥ በነፃም ቢሰጣችሁ አትቀበሉ። ስትጠቀሙበት የቆያችሁ ካላችሁ ደግሞ ብልቃጡን ይዛችሁ የቆዳና የዓይን ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ልጅቷ ተራውን ቅባት ገዛች፣ ጃንጥላዋንም ከሻንጣዋ አወጣች፣ ኪራይዋን ከፈለች። ስድስት ሳምንት ቆይታ ስትመጣ ድርቀቱና ደቃቁ መስመር የለም፣ የጠዋቱ እብጠት ቀንሷል። ቡናማው ቀለም ግን እዚያው ነው። እኔም ይጠፋል ብዬ አልዋሸኋትም። አለቃዋ ደግሞ ሲነካካት “እናቴም እንዲህ ናት” ብላ እንደመለሰችለት ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ ዝም ብሏል።

እንግዲህ ውሳኔው የናንተ ነው። በእኔ በኩል ግን ካፌይኑን ከጀበና ብትጠጡት እመርጣለሁ። ማታ ባይሆን ይሻላል፣ እንቅልፍ ይነሣችኋል፤ ያኔ ደግሞ ለዓይናችሁ ሥር ልትጠይቁኝ ትመጣላችሁ። ቸር ሰንብቱ!